ዋጋ ጨመረ ብሎ ለደንበኛ መንገር፤ ከሮቤ በስልክ የሚሸጥ በሶ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ጥቂት ተሰምቶ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ዝግጅታችን በስልክ ለሚነግዱ ሰዎች ነው። የቴሌግራም ቻናል ከፍተው ወይም በፌስቡክና በቲክቶክ ዕቃቸውን አሳይተው፣ ትዕዛዝ በስልክ ተቀብለው፣ ገንዘቡን በቴሌብር ወይም በባንክ አስገብተው ለሚልኩ ማለታችን ነው። እንዲህ ያለ ንግድ አሁን አዲስ አበባ ብቻ የሚሠራ አይደለም። እዚህ አርሲ ውስጥም፣ አሰላም ሆነ ሮቤ፣ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ማሩንና ቅቤውን በፎቶ አሳይቶ የሚሸጥ ሰው አለ። ሮቤ ስንል የአርሲዋን ሮቤ ነው። የባሌዋን የሚያስብ ብዙ ስለሆነ ዕቃ የምትልኩ ሰዎች አድራሻው ላይ «አርሲ» የሚለውን መጻፍ አትርሱ።

የምንነጋገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዋጋ መጨመር ግድ ሲሆን ለደንበኛ እንዴት ይነገራል? ሱቅ ያለው ነጋዴ ደንበኛው ፊት ለፊት ስለሚቆም ቅሬታውን ያያል፣ ያስረዳል፣ ይከራከራል። በስልክ የሚሸጥ ግን ይህ ዕድል የለውም። ደንበኛው አዲሱን ዋጋ ያነባል፣ ቅር ይለዋል፣ ሳይናገር ቻናሉን ዘግቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። ነጋዴው የሚያውቀው ከወር በኋላ ትዕዛዝ ሲቀንስበት ነው።

ሰው በዋጋ ጭማሪ የሚቆጣው መቼ ነው? ጭማሪ ሁሉ ያስቆጣል ብለን እናስባለን፤ እንዲያ ግን አይደለም። በ1986 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ኔችና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ምሁራን ይህንኑ ጉዳይ ያጠኑበትን ጽሑፍ አሳተሙ። ካናዳ ውስጥ ለሚኖሩ ተራ ሰዎች ስልክ እየተደወለ ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር። አንደኛው ጥያቄ እንዲህ ነው፦ አንድ ሱቅ የበረዶ መጥረጊያ አካፋ በ15 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሌሊት ከባድ በረዶ ጣለ፤ ጠዋት ሱቁ ዋጋውን 20 አደረገው። ይህ አግባብ ነው ወይ? ከመቶው 82ቱ አግባብ አይደለም አሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሰላጣ ነው። በማጓጓዣ ችግር ምክንያት ሰላጣ እጥረት ገጠመውና አትክልት ሻጩ ራሱ በፍሬ 30 ሳንቲም ጨምሮ ገዛ፤ እሱም በፍሬ 30 ሳንቲም ጨምሮ ሸጠ። እዚህ ላይ ከመቶው 79ኙ ምንም ችግር የለውም አሉ። ሦስተኛው ደግሞ ለእኛ ነጋዴዎች በጣም የቀረበ ነው። አንድ ሱቅ የብዙ ወር የኦቾሎኒ ቅቤ መጋዘን ውስጥ አለው። የጅምላ ዋጋ መጨመሩን ሰማና ወዲያው ያለውን ዕቃ በአዲስ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። ከመቶው 79ኙ ይህ አግባብ አይደለም ብለው መለሱ።

ልብ በሉ፤ በሦስቱም ታሪክ ዋጋ ጨምሯል። ሰዎቹ የተቆጡት ሻጩ የእነሱን ችግር ተጠቅሞ ያተረፈ ሲመስላቸው ነው። በራሱ ላይ የጨመረበትን ያህል ብቻ ሲጨምር ተረዱት።

ይህ የካናዳ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ባንክ ውስጥ ከ74 ብር አለፈ፤ በሳምንታት ውስጥም መቶ ብር ተሻገረ። የስልክ ነጋዴዎችም የሱቅ ነጋዴዎችም በአንድ ሌሊት ዋጋ አነሱ። ዋጋ ያለአግባብ ጨመሩ ተብለው የታሸጉ ሱቆችም ነበሩ። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ በየመንገዱ ያነሳው የነበረው ቅሬታ ያው የኦቾሎኒ ቅቤው ቅሬታ ነው፦ «ዕቃው እኮ በድሮው ዶላር የገባ ነው!»

ነጋዴውም ግን መልስ አለው፤ መልሱም ከንቱ አይደለም። ዛሬ በድሮው ዋጋ ከሸጥኩት ነገ በዚያ ገንዘብ ያንኑ ዕቃ መልሼ አላመጣም ይላል። እውነቱን ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወገን እውነት ይዟል። ደህና አድርጎ መንገር ማለት የሁለቱንም እውነት በአንድ መልእክት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እንዴት እንደሚደረግ በቁጥር እንየው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሮቤ ላይ ሆና አዲስ አበባ ላሉ ደንበኞች በሶ የምትልክ አንዲት ነጋዴ አስቡ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል እኛ ያስቀመጥናቸው ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ። አንድ ኪሎ በሶ በ200 ብር ትሸጣለች። ገብሱ ሲለቀም፣ ሲፈተግና ሲቆላ ስለሚቀንስ ለአንድ ኪሎ በሶ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ገብስ ይገባል እንበል። ገብሱ በኪሎ 60 ብር ሲሆን 84 ብር ይሆናል። ለመቁያና ለወፍጮ 22 ብር፣ ለማሸጊያ 14 ብር፣ በመኪና ለመላክ 20 ብር። ድምሩ 140 ብር ነው። ለእሷ የሚተርፋት 60 ብር ነው።

ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ገብስ ይወደዳል። የአርሲ ገበሬ ገብሱን የሚያስገባው ከጥቅምት መጨረሻ ወዲህ ስለሆነ ነሐሴና መስከረም ላይ ጎተራው ተሟጧል። እንግዲህ ገብሱ 75 ብር ገባ እንበል። የበሶው ገብስ 105 ብር ሆነ። መቁያና ወፍጮ 27፣ ማሸጊያ 20፣ መኪና 28። ድምሩ 180 ብር። በአንድ ኪሎ 40 ብር ጨምሮባታል ማለት ነው።

አሁን ምን ያህል ትጨምር? ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ በመቶኛ ያስባል። ቀድሞ በወጪዬ ላይ 43 በመቶ ገደማ እጨምር ነበር፣ አሁንም እንደዚያው ላድርግ ይላል። ያኔ 257 ብር ይመጣል። ልብ ሳንለው 17 ብር በወጪው ላይ ያልነበረ አዲስ ትርፍ ገብቷል። 240 ብታደርገው ግን የጨመረባት 40 ብር ተመለሰላት፣ የራሷ 60 ብርም ሳይነካ ቀረ። እኔ 240ውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ደንበኛ ሲጠይቅ እስከ መጨረሻዋ ብር ድረስ ማስረዳት የሚቻለው ይኸኛው ዋጋ ነው።

የኔስ ኑሮ አልተወደደም ወይ የሚል ይኖራል። ተወዷል፤ 60 ብሩ እንደ አምናው አይገዛም። ለድካማችሁ መጨመር ካለባችሁም ጨምሩ። ግን በገብሱ ስም አታሳብቡት። «ከዚህም ላይ 10 ብር ለሠራተኞቻችን ደመወዝ ጨምረናል» ብሎ ለብቻው መጻፍ ይሻላል። ገበያ የሚወጣ ደንበኛ የገብስ ዋጋ ያውቃል፤ ሒሳቡ ሳይገጥምለት ሲቀር የሚጠፋው ለሌላውም ቃላችሁ ያለው እምነት ነው።

ዋጋ መጨመር የሚፈሩ፣ በተለይ ደንበኞቻቸውን እንደ ቤተሰብ የሚያዩ ነጋዴዎች፣ ዝም ብለው በ200 ብር መሸጥ ይቀጥላሉ። የሮቤዋ ነጋዴ እንዲህ ብታደርግ ትርፏ ከ60 ወደ 20 ብር ይወርዳል። መቶ ኪሎ ሸጣ 2,000 ብር ታገኛለች። 240 አድርጋ ሃያ ኪሎ ገዢ ቢጠፋባት እንኳ ሰማንያው ኪሎ 4,800 ብር ያመጣላታል። ዝም ያለ ነጋዴ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ገንዘብ ሲያጥረው አንድ ጊዜ በጣም ብዙ ይጨምራል፤ ደንበኛን የሚያስደነግጠውም ያ ነው።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። በሶ በብዛት የሚታዘዘው መቼ ነው? ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ነው። እናት ለልጇ በሶና ቆሎ ሳትቋጥር አትልክም። እንግዲህ ገብሱ የሚወደድበትና በሶው በጣም የሚፈለግበት ጊዜ ተቀራራቢ ሆነ። ጭማሪው የተነገረው ተማሪ ሊጓዝ ሦስት ቀን ሲቀረው ከሆነ፣ ምክንያቱ የገብሱ ዋጋ ቢሆንም እንኳ፣ ለደንበኛው በረዶ በጣለ ማግስት አካፋ እንደማስወደድ ነው የሚታየው። ያንኑ 40 ብር ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ብትናገር ግን ሰው ሒሳቡን አስተካክሎ ይጠብቃል። ሁለት ሳምንት ቀድሞ መናገር ለዚህ ዓይነት ዕቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከረዘመ ሰው ይረሳዋል።

መልእክቷን እንዲህ ልትጽፈው ትችላለች። ቀስ ብዬ አነበዋለሁ።

«ሰላም ደንበኞቻችን። ከነሐሴ 20 ጀምሮ የአንድ ኪሎ በሶ ዋጋ ከ200 ብር ወደ 240 ብር ከፍ ይላል። ገብስ የምንገዛበት ዋጋ በኪሎ ከ60 ወደ 75 ብር ደርሷል፤ የወፍጮ፣ የማሸጊያና የመኪና ሒሳብም ጨምሯል። የጨመርነው እኛ ላይ የጨመረውን ያህል ነው። እስከ ነሐሴ 19 ማታ ድረስ ታዝዞ የተከፈለበት በ200 ብር ይላካል፤ ያለን በሶ ለሁሉም እንዲዳረስ ለአንድ ሰው እስከ 3 ኪሎ። ሚዛኑም አሠራሩም እንደነበረ ነው። አዲሱ ገብስ ገብቶ ዋጋ ሲቀንስ እዚሁ እናሳውቃለን።»

ይህ መልእክት የጀመረው በዋጋው ነው። «ውድና የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ እንደሚታወቀው አሁን ባለው ነባራዊ ሁኔታ» እያለ አልዞረም። ደንበኛ እንዲህ ያለ መግቢያ ሲያይ መጥፎ ወሬ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ በጥርጣሬ ያነበዋል። የድሮው ዋጋ ከአዲሱ ጎን ተጽፏል፤ አዲሱን ብቻ መጻፍ ደንበኛው ወደ ላይ ወጥቶ የድሮውን እንዲፈልግ ያደርገዋል፣ ሲያገኘውም አንድ ነገር የተደበቀበት ይመስለዋል። የጭማሪው ምክንያትም በስሙ ተጠርቷል። ገብስ ከዚሁ ከአርሲ ደጋ ተገዝቶ «ዶላር ጨመረ» ቢባል ሰው አይቀበልም። መኪናውና ማሸጊያው ላይ የዶላሩ ተጽዕኖ ሊኖር ይችላል፤ ያን መኪናው ላይ መናገር ነው።

ሦስት ኪሎ የሚለው ገደብ ከየት መጣ? በድሮው ዋጋ የተዘጋጀ 300 ኪሎ በሶ አላት፣ ቋሚ ደንበኞቿም መቶ ያህል ናቸው ብለን ነው። ቅድም ያልናቸው ሁለት እውነቶች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። በድሮ ዋጋ የተሠራው በሶ በድሮ ዋጋ ይሸጣል፤ በአዲስ ዋጋ የተገዛው በአዲስ ዋጋ። ገደብ ካላበጀች አንድ ቸርቻሪ ሃምሳ ኪሎ ወስዶ በ240 ይሸጠዋል፣ ለቋሚ ደንበኞቿ የሚተርፍ አይኖርም። የውጭ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ሙሉ በሙሉ ለማድረግ ይቸግረው ይሆናል፤ እሱ ቢያንስ ገንዘብ የተቀበለበትን ትዕዛዝና ቀብድ የያዘበትን በተስማማበት ዋጋ ይላክ። ገንዘብ ተቀብሎ «አሁን ጨምሯል፣ ልዩነቱን ላክ» ማለት ደንበኛ ፈጽሞ የማይረሳው ነገር ነው።

መልእክቱ መጀመሪያ የሚሄደው ለቋሚ ደንበኞች ነው፤ በግል። ቻናሉ ላይ የሚለጠፈው በማግስቱ ነው። ሁለት ዓመት ያዘዘ ሰው ትናንት ከገባ ሰው እኩል ከቻናል ሲሰማና ቀድሞ በግል ሲነገረው አንድ አይደለም። የሮቤ ነጋዴ ደንበኞቿ አማርኛም ኦሮምኛም የሚያነቡ ስለሆኑ በሁለቱም ትጻፈው፤ ብሩና ቀኑ ግን በሁለቱም አንድ መሆኑን ሁለት ጊዜ ታረጋግጥ። ቀኑን «20/12» ብላ አትጻፈው። ከውጭ ሆኖ ለእናቱ የሚያዝላት ደንበኛ በፈረንጆቹ ሊያነበውና ታኅሣሥ ሊመስለው ይችላል። «ነሐሴ 20» ብሎ የወሩን ስም መጻፍ ነው።

አንዳንድ ደንበኛ ይደውላል። የሚደውል ደንበኛ ገና አልሄደም ማለት ነውና መልሱ ይዘጋጅ። አንዲት እናት ከአዲስ አበባ ደውለው «ልጄ፣ እናንተም ጨመራችሁ?» ቢሉ፣ «ምን እናድርግ እማማ፣ ኑሮው እኮ ነው» ማለት ይቀናናል። ይህ መልስ ምንም አይነግራቸውም። እንዲህ ይባል፦ «አዎ እማማ፣ 40 ብር ጨምሯል። ገብሱ በኪሎ 15 ብር ጨምሮብናል፤ ለአንድ ኪሎ በሶ ደግሞ ከአንድ ኪሎ በላይ ገብስ ይገባል። እስከ ነሐሴ 19 በድሮው ዋጋ ሦስት ኪሎ አለልዎት፤ ልያዝልዎት?» እውነቱን ሰሙ፣ የሚያደርጉትም ነገር አገኙ። ዋጋ ግን በስልክ አይቀነስም። ለለመነ እየቀነሱ ለዝምተኛው በሙሉ መሸጥ ከተጀመረ ዝምተኛው፣ ማለትም ምርጡ ደንበኛ፣ ከሁሉ በላይ እየከፈለ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ልማድ አለን፤ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚባለው። ዋጋ ሲዋዥቅ ብዙ ሻጭ ዋጋውን ከቻናሉ አንስቶ ጠያቂውን በግል ያናግራል። ለሻጩ ምቹ ይመስላል። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ቀን አዘው ሒሳባቸውን ሲያስተያዩ ግን አንዷ 240፣ ሌላዋ 250 ከፍላ ከተገኘች ሁለቱም ናቸው የሚሄዱት። በሕግም ቢሆን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ ማሳየት እንዳለበት ይደነግጋል። ዋጋው ቻናሉ ላይ ይታይ፤ የዋጋው መልእክትም ከላይ ይሰካ።

ነሐሴ 20 ጠዋት ሌላ ሥራ አለ። ከወራት በፊት የተለጠፉት ፎቶዎች ሥር አሁንም 200 ብር ይላል። ደንበኛ አንዱን አንስቶ «ይኸው 200 ነው የሚለው» ብሎ ይልካል፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በዚያን ዕለት የድሮዎቹ ጽሑፎች አንድ በአንድ ይስተካከሉ፣ የማይስተካከሉት ይሰረዙ። አሰልቺ ነው፤ ግን አንድ ጠዋት ብቻ ይወስዳል።

ዋጋውን ሳይነኩ ሚዛኑን መቀነስስ? ኪሎ የነበረውን 850 ግራም አድርጎ በ200 ብር መሸጥ ማለት ነው። በራሱ ክፉ አይደለም፤ አንዳንድ ቤተሰብ የሚያወጣው ብር እንዳይበዛበት ይመርጠዋል። ግን ከረጢቱም መልእክቱም ላይ «850 ግራም» ተብሎ በግልጽ ካልተጻፈ ደንበኛ ሚዛን አያጣም። ዋጋ ጨመረብኝ የሚል ደንበኛ ይመለሳል፤ ሚዛን ጎደለብኝ ያለ ግን ለጎረቤቱ ሳይነግር አያድርም።

(አጭር ሙዚቃ)

መልእክቱ እንደሠራ በምን ይታወቃል? ቻናሉ ላይ በሚጻፈው አስተያየት አይለካ። የሚጽፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ከሚቆጡትም ብዙዎቹ ተመልሰው ይገዛሉ። ከዚያ ይልቅ ደብተር ላይ ሰኔና ሐምሌ ያዘዙትን ሰዎች ስም ትጻፍና በጥቅምት መጨረሻ ስንቶቹ እንደገና እንዳዘዙ ትቁጠር። መስከረም ላይ ግን አትቁጠር። ከነሐሴ 20 በፊት ሦስት ሦስት ኪሎ የወሰዱት ሰዎች ቤታቸው በሶ ስላላቸው ለሳምንታት አያዝዙም። ይህን ያላወቀ ነጋዴ በሁለተኛው ሳምንት ትዕዛዝ ሲቀዘቅዝበት ደንግጦ ዋጋውን መልሶ ያወርዳል። ያኔ በ240 የገዙት ተበሳጩ፣ ቀጣዩን ማስታወቂያም ማንም አያምነውም። በጥቅምት መጨረሻም ካልተመለሱት ለእያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ደውሎ ምን እንደጎደለ መጠየቅ ተገቢ ነው። የአንዳንዱ ምክንያት ከዋጋው ጋር ምንም ግንኙነት ላይኖረው ይችላል፤ ዕቃው መናኸሪያ ዘግይቶ ደርሶበት ይሆናል።

ከዚያ ኅዳርና ታኅሣሥ ይመጣል፣ አዲሱ ገብስ ይወቃል። ነሐሴ ላይ «ሲቀንስ እናሳውቃለን» ተብሏል። ገብሱ ወደ 65 ብር ወርዶ ከሆነ የአንድ ኪሎ በሶ ወጪ በ14 ብር ይቀንሳል። መኪናውና ማሸጊያው ላይወርዱ ይችላሉ፤ ስለዚህ 226 እንጂ 200 አይሆንም፤ ይህንንም ያንኑ ዓይነት መልእክት ጽፎ ማስረዳት ነው። የቀነሰው ሦስት ብር ብቻ ቢሆንም እንኳ ይነገር። ቅነሳው ከመነገሩ በፊት ባለው ሳምንት በ240 ያዘዙትን ሰዎች ዝርዝር ደግሞ አውጥታ ልዩነቱን በሚቀጥለው ትዕዛዛቸው ላይ ታስብላቸው፤ በኪሎ 14 ብር ነው፣ ሃያ ሰው ሁለት ሁለት ኪሎ ቢወስድ 560 ብር።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)